ችግርና መፍትሄ፦ ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት ብቻ የሚታይ የቀን ስህተት

የአውቶቡስ ትኬት መሸጫችን ሥራ የሚጀምረው ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነበር። ረቡዕ ማታ የፍተሻ ዝርዝሬን ጨረስኩ። ሁሉም አልፏል። ላፕቶፔን ዘግቼ ተኛሁ፤ እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ። ሰፈራችን ከዚራ ጭር ብሏል፤ አልፎ አልፎ ብቻ ባጃጅ ያልፋል። ስልኬን አንስቼ አንድ የመጨረሻ ትኬት ልግዛ አልኩ። ከድሬዳዋ አዲስ አበባ። «ዛሬ» የሚለውን ነካሁና ንጋት ላይ የሚነሳውን የ11 ሰዓቱን አውቶቡስ መረጥኩ። ሰዓቱ ከሌሊቱ 7፡20 ነው፤ ለሐሙስ አጥቢያ።

ምልክቱ

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው የወንበሮቹ ሥዕል ነው። 3፣ 4 እና 12 ቁጥር ቀይ ሆነዋል፤ ተሸጠዋል ማለት ነው። እነዚህን ወንበሮች አውቃቸዋለሁ፤ ለረቡዕ አውቶቡስ በፍተሻ የሸጥኳቸው እኔ ነኝ። የሐሙሱ አውቶቡስ ግን ባዶ መሆን ነበረበት።

ቢሆንም 7 ቁጥርን ገዛሁ። ክፍያው አለፈ። ትኬቱ ወጣ፦ «ረቡዕ ጥር 14፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ወንበር 7»። ይህ አውቶቡስ ከሄደ 20 ሰዓት አልፎታል።

ነገሩ ቁጥር ከመሳሳት በላይ ነው። በእኔ ቦታ እውነተኛ ገዢ ቢሆን ገንዘቡን ከፍሏል። የሐሙሱ 7 ቁጥር ወንበር ግን አሁንም ክፍት ነው፤ ከደቂቃ በኋላ ሌላ ሰው ይገዛዋል። ንጋት ላይ ሁለቱም በር ላይ ይቆማሉ። የሚመለሰው ቀድሞ የከፈለው ነው፤ ትኬቱ የትናንት ነውና።

ያልሆነው ምክንያት

እኛ አገር ቀን ሲሳሳት ሁሉም ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው የዘመን መቁጠሪያ መቀየሪያውን ነው። እኔም እሱን ነው የጠረጠርኩት። ለብቻው አውጥቼ 2025-01-23 ሰጠሁት። ጥር 15፣ 2017 ብሎ መለሰ፤ ትክክል ነው። ከዚያ ዳታቤዙን ከፍቼ የገዛሁትን ትኬት አየሁ። `travel_date` የሚለው ቦታ ላይ 2025-01-22 ተጽፏል። ስለዚህ ስህተቱ ወደ እኛ አቆጣጠር ከመቀየሩ በፊት ነው የተፈጠረው። መቀየሪያው የተሰጠውን የተሳሳተ ቀን በትክክል ቀየረ እንጂ አላጠፋም።

ምክንያቱን ያሳየኝ ፍተሻ

ቀኑን ሙሉ «ዛሬ»ን ስነካ ውዬ አንድም ጊዜ አልተሳሳተም። ታዲያ የተለወጠው ሰዓቱ ብቻ ነው። የስልኬን ሰዓት በራሱ እንዳይስተካከል አጠፋሁና በእጄ እየቀየርኩ ገጹን ደጋግሜ ከፈትኩ።

ከሌሊቱ 5፡59፤ ትክክለኛ ቀን። 6፡00፤ አንድ ቀን ወደ ኋላ። 8፡59፤ አሁንም ወደ ኋላ። 9፡00፤ ትክክል።

ልክ ሦስት ሰዓት። እዚህ ላይ ደረቴ ቀለል አለኝ፤ ምክንያቱን አገኘሁት። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ ከዩቲሲ፣ በሦስት ሰዓት ይቀድማል። እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት አልፎ ቀኑ ሲቀየር፣ ዩቲሲ ገና ባለፈው ቀን ምሽት ላይ ነው። ለሦስት ሰዓት ያህል ሁለቱ ቀን ለየቅል ነው።

ሌላም ነገር ታወቀ። የስልኬን ሰዓት ስቀይር ውጤቱ ተቀየረ። የሰርቨሩ ሰዓት ግን አልተነካም። ስለዚህ «ዛሬ» የሚሰላው ስልኩ ላይ ባለው ገጽ ነው። ኮዱን ፈለግኩ፤ አንድ መስመር ነው፦

```js
const today = new Date().toISOString().slice(0, 10);
```

`toISOString` ስልኩ የትም አገር ይሁን ሁልጊዜ ቀኑን በዩቲሲ ነው የሚጽፈው። የመጀመሪያዎቹን 10 ፊደላት ስንቆርጥ የምናገኘው የዩቲሲን ቀን ነው። ቀን ላይ ከእኛው ጋር አንድ ስለሚሆን ማንም አይጠረጥረውም።

7፡40 ላይ ኮዱን ለጻፈው ልጅ ደወልኩ።

«አቦ አንቺ ደግሞ! በዚህ ሰዓት ማን ትኬት ይገዛል?»

«በሽተኛ ይዞ አዲስ አበባ ሪፈር የተባለ ሰው ይገዛል። መርዶ የመጣበት ሰው ይገዛል። አውቶቡሱ 11 ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፤ ሌላ መቼ ይግዛ?»

ዝም አለ። «እሺ፣ ላፕቶፔን ልክፈት» አለኝ።

ያኔ የፈራሁት ሰዓቱን ነው። 9 ሰዓት ሲሞላ ችግሩ በራሱ ይጠፋል። ገጹ ደህና መስሎ ያድራል፤ የሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ደግሞ እውነተኛ ገዢዎች ላይ ይመለሳል። በእጅ የተቀየረ ሰዓት ጥሩ ነው። በእውነተኛው ሰዓት፣ ክፍያና ትኬት ባለበት ማየት ግን እመርጣለሁ።

መፍትሄው

ገጹ ላይ ያለው መስመር እንዲህ ሆነ፦

```js
const today = new Intl.DateTimeFormat('sv-SE', {
  timeZone: 'Africa/Addis_Ababa'
}).format(new Date());
```

ቁም ነገሩ `timeZone` ነው፤ ቀኑ በአዲስ አበባ ሰዓት እንዲሰላ ያደርጋል። `sv-SE` የስዊድን አጻጻፍ ነው። ዓመት፣ ወር፣ ቀን እያለ በሰረዝ ስለሚጽፍልን ብቻ ተጠቀምንበት። «ሦስት ሰዓት ብንደምርበትስ?» ብሎኝ ነበር። እዚህ አገር ሰዓት በበጋና በክረምት ስለማይቀየር ይሠራ ነበር። ግን ነገ ኮዱን የሚያነብ ሰው ያ 3 ከየት እንደመጣ አያውቅም።

እኔ ግን ሁለተኛ ጥያቄ ነበረኝ። የሄደ አውቶቡስ ትኬት ሰርቨሩ እንዴት ሸጠልኝ? ገጹ ባይሳሳት እንኳ የስልኩ ሰዓት የተበላሸበት ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ሰርቨሩ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት መነሻ ሰዓቱን ከራሱ ሰዓት ጋር እንዲያመሳክር አደረግን። የሚያመሳክረው ቀንን ከቀን ጋር አይደለም፤ እንዲያ ከሆነ ያው ጉድጓድ ነው። ሙሉውን ቅጽበት ነው፦ `2025-01-23T05:00:00+03:00`። መጨረሻ ላይ ያለው `+03:00` ካልተጻፈ በዩቲሲ የሚሠራ ሰርቨር 5 ሰዓቱን የራሱ አድርጎ ያነበዋል። ያኔ የ11 ሰዓቱን አውቶቡስ ትኬት ጠዋት 2 ሰዓት እስኪሆን ሲሸጥ ያረፍዳል።

«ዛሬ»ን ጭራሽ ከሰርቨሩ መቀበል ከሁሉም ይሻል ነበር። ግን ብዙ ቦታ የሚነካ ሥራ ነው። ሥራ ሊጀመር ሰዓታት ሲቀሩት ብዙ ቦታ አይነካም፤ ለሚቀጥለው ሳምንት አቆየነው።

የእናንተ ሥራ ቀድሞ ተጀምሮ ከሆነ ኮዱን ማስተካከል ብቻ አይበቃም። ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የተገዙትን ትኬቶች አውጡ። የጉዞ ቀናቸው ከተገዙበት ቀን በአንድ የሚያንስ ካለ ይህ ስህተት የነካው ነው። ግን ዝም ብላችሁ ቀኑን አታርሙ። ወንበሩ ለሌላ ሰው ተሸጦ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ገዢው ጋር ደውሉ።

8፡35 ላይ አዲሱ ገጽ ሰርቨር ላይ ወጣ። የስልኬን ሰዓት ወደ ትክክለኛው መለስኩ። መጀመሪያ ሆን ብዬ የረቡዕን ቀን በእጄ ላክሁ፤ ሰርቨሩ «አውቶቡሱ ሄዷል» ብሎ መለሰኝ፤ ገንዘብ አልነካም። ከዚያ «ዛሬ»ን ነካሁ። ወንበሮቹ በሙሉ ባዶ ናቸው። 7 ቁጥርን ገዛሁ።

«ሐሙስ ጥር 15፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ወንበር 7»። ሰዓቱ 8፡48 ይላል። ፎቶ አንስቼ ላክሁለትና አራቱን ሰዓቶች፣ 5፡59ን፣ 6፡00ን፣ 8፡59ን እና 9፡00ን፣ የፍተሻ ዝርዝሬ ላይ ጻፍኳቸው።