ባናው መጀመሪያ ይታይ፦ ረጅም የዕቃ መግለጫን ወደ አንድ መስመር ሲያሳጥሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ የበግ ጸጉር ባና የምትሸጥ አንዲት እህት፣ በኢንተርኔት የከፈተችውን ሱቅ እንድመለከትላት ጠየቀችኝ። ለእያንዳንዱ ባና የጻፈችው መግለጫ ከመቶ ቃል በላይ ነበር። ውሸት የለበትም፣ የተደከመበት መሆኑም ያስታውቃል። ነገር ግን ገዢው ያን ሁሉ የሚያነበው ዕቃውን በስልኩ ላይ ከነካው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሚያየው ፎቶውንና ከፎቶው ሥር ያለችውን አንዲት መስመር ብቻ ነው። የእርሷ መስመር ደግሞ የረጅሙ መግለጫ መጀመሪያ ነበረች፦

«በሱቃችን የሚገኘው ይህ እጅግ ውብና ማራኪ፣ አያቶቻችን ሲለብሱት የኖሩት፣ በወሎ ደጋ ከተሸለተ የበግ ጸጉር በእጅ ተፈትሎ በባለሙያ ሸማኔ የተሠራ ሙቀት ሰጪ ባና»

በስልኬ ስከፍተው የታየኝ «በሱቃችን የሚገኘው ይህ እጅግ ውብና…» የሚለው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሦስት ነጥብ። የሚሸጠው ምንጣፍ ይሁን ጋቢ ወይም መጋረጃ የሚያሳውቅ አንድም ቃል የለም።

የዕቃውን ስም መጨረሻ ላይ መተው

ይህን ስህተት አስቀድሜ ያነሣሁት አማርኛ ጸሐፊ ሁሉ ሳያውቀው ስለሚሠራው ነው። ቋንቋችን ገላጩን አስቀድሞ ስሙን ያስከትላል። «በእጅ የተፈተለ የበግ ጸጉር ባና» ስንል ሰሚው እስከ መጨረሻው ታግሦ ይጠብቃል፤ ንግግሩም የሚያምረው እንዲያ ሲሆን ነው። ስልክ ግን አይታገሥም። ቦታ ሲጠበው የሚቆርጠው መጨረሻውን ነው፣ በአማርኛ ደግሞ መጨረሻው ላይ ያለው ዋናው ስም ነው። ከሌላ ቋንቋ የተወሰደ የማሳጠር ምክር ለእኛ የማይበቃንም ለዚህ ነው። መስመራችን አጭር ቢሆን እንኳ ቅደም ተከተሉ ካልተለወጠ ስሙ ሊጠፋ ይችላል።

መፍትሔው በየሱቁ መዝገብ ላይ አለ። ባለሱቅ በደብተሩ ላይ «ሃያ ኪሎ የሆነ በርበሬ» ብሎ አይጽፍም፤ «በርበሬ፦ 20 ኪሎ» ይላል። እኛም ስሙን አስቀድመን፣ ነጥቡን አኑረን፣ ገላጩን አስከተልን። «በሱቃችን የሚገኘው ይህ» የሚለውም ወጣ፤ ገዢው ያለው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነውና። መስመሯ እንዲህ ሆነች፦

«ባና፦ በእጅ የተፈተለ የወሎ ደጋ የበግ ጸጉር፣ ወፍራም፣ ሙቀት ሰጪ፣ 2 ሜትር በ2.20»

አሁን ቢቆረጥም ባና መሆኑ ይታወቃል። መስመሯ ግን ገና ረጅም ናት፣ የምትናገረውም ሻጯ የምትወደውን እንጂ ገዢው የሚፈልገውን አይደለም።

ገዢው ያልጠየቀውን መመለስ

ከረጅም መግለጫ ውስጥ የትኛው ነገር ይትረፍ? ብዙ ሰው የሚመርጠው ራሱ የሚኮራበትን ነው። ከዚህ ይልቅ የሚሻለው ገዢዎች የላኩትን መልእክት መቁጠር ነው። ከዚህች እህት ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብለን የመጨረሻዎቹን አርባ መልእክቶች አንድ በአንድ አነበብን፣ በወረቀት ላይም ለእያንዳንዱ ጥያቄ ጭረት አሰመርን። ከግማሽ የሚበልጡት የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ ለየትኛው አልጋ ይሆናል? ቀጥሎ የበዛው ብርድ ይችላል ወይ የሚለው ነበር፤ ይህን የጠየቁት በአብዛኛው ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ለሥራ የተዛወሩ ሰዎች ናቸው። ደሴ ያለችው 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። እዚያ በአንሶላ ያደረ ሰው እዚህ ሲመጣ ከጦሳ ተራራ በሚወርደው ብርድ ይደነግጣል። የቀሩት ይኮሰኩሳል ወይ፣ ይታጠባል ወይ፣ ዋጋው ስንት ነው የሚሉ ነበሩ።

ስለ አያቶች የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ስነግራት ቅር አላት። «ወንድሜ፣ ሸማኔው እኮ አጎቴ ነው፤ እርሱን ካላነሣሁማ ምኑን ጻፍኩት?» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የአጎቷ ሥራ ሊነገር ይገባዋል። የሚነገረው ግን ገዢው መስመሯን ነክቶ በሚገባበት በረጅሙ መግለጫ የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ ነው። እዚያ አስቀመጥነው፣ ከቀድሞውም ሰፋ አድርገን ጻፍነው።

መጠኑ ላይም አንድ የተደበቀ ችግር ነበር። «2 ሜትር በ2.20» ትክክለኛ ልክ ነው፣ ነገር ግን ስሌቱን ለገዢው ይተውለታል። አልጋው ሜትር ከሃምሳ ከሆነ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው ባና በየጎኑ 25 ሳንቲ ሜትር ይወርድለታል፣ ይህም ተኝቶ ለሚገላበጥ ሰው ይበቃል። አልጋው ሜትር ከሰማንያ ከሆነ ግን በየጎኑ የሚተርፈው 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ሌሊት ይገለጣል። ስለዚህ ስሌቱን እኛ ሠርተን መልሱን ብቻ ጻፍን። ሰው አልጋ ሲገዛም ሲያሠራም የሚጠራው «ሜትር ከሃምሳ» ብሎ ነው፤ እኛም እንደዚያው አልን፦

«ባና፦ ወፍራም የበግ ጸጉር፣ ለሜትር ከሃምሳ አልጋ»

ማንም ሻጭ ሊለው የሚችለውን ቅጽል ይዞ መቆየት

«ውብ»፣ «ማራኪ» እና «ጥራት ያለው» የሚሉት ቃላት ገና ከመጀመሪያው ወጥተዋል። «ማራኪ ያልሆነ» ብሎ የሚሸጥ ስለሌለ ቃሉ ምንም አይለይም። «ወፍራም» ከእነርሱ ይሻላል ብዬ አቆይቼው ነበር፣ ግን ባናውን በእጁ ላልዳሰሰ ሰው እርሱም ባዶ ነው። ሁለተኛው ትልቁ ጥያቄ ብርድ ስለነበር በእርሱ ቦታ መልሱን አስገባን፦

«ባና፦ የደሴን ብርድ የሚችል የበግ ጸጉር፣ ለሜትር ከሃምሳ አልጋ»

የደሴ ብርድ ለወሎ ሰው የታወቀ መለኪያ ነው፣ ማብራሪያ አይፈልግም። ሻጯም ራሷ ክረምቱን በዚሁ ባና ስለምታድር የምትለውን ታውቀዋለች። ገዢዎቿ ደሴን ረግጠው የማያውቁ ቢሆኑ ኖሮ ግን ይህ ሐረግ አይሠራም ነበር፤ ያን ጊዜ ባናውን መዝኖ ኪሎውን መጻፍ ይሻላል።

እስኪዋሽ ድረስ ማሳጠር

በመካከል አንድ ጊዜ «ንጹህ የበግ ጸጉር» ብለን ጽፈን ነበር። ሁለት ቃል አትርፎልናል፣ ጆሮም ይስባል። ነገር ግን በሱቋ ሁለት ዓይነት ባና አለ። አንደኛው ድሩም ማጉም የበግ ጸጉር ነው። ሁለተኛው ማጉ የበግ ጸጉር ሆኖ ድሩ የጥጥ ክር ነው፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ረጅሙ መግለጫ ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይለየዋል፤ አጭሩ መስመር ግን ለሁለቱም ከተለጠፈ በሁለተኛው ላይ ሐሰት ይሆናል። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ስለ ዕቃ ምንነት የሚያሳስት መረጃ መስጠትን ይከለክላል፣ ማሳጠርም ምክንያት አይሆንም።

የተጠራጠርንባቸውን ባናዎች እዚያው ለየናቸው። ከጠርዙ ከድሩም ከማጉም አንድ አንድ ክር መዝዘን በክብሪት አቃጠልን። የበግ ጸጉር ሲቃጠል የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ጫፉም በጣት ሲታሽ የሚፈርፈር ጥቁር እብጠት ይሠራል። ጥጥ ግን እንደ ወረቀት ይሸታል፣ የሚተወውም ለስላሳ አመድ ነው። ድራቸው ጥጥ ለሆነው «የበግ ጸጉር በጥጥ ድር» ብለን ለየን። አምስት ፊደል ተጨመረ ተብሎ ይህ አይቀነስም።

«የሚታጠብ» የሚለውን ቃል የተውነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ባናው ይታጠባል፣ ነገር ግን በቀዝቃዛ ውሃና ሳይታሽ። በሙቅ ውሃ ከታሸ ጸጉሩ እርስ በርሱ ይያያዝና ይኮማተራል፣ ወደ ልኩም አይመለስም። «የሚታጠብ» ብለን ብቻ ብንጽፍ አንዷ እናት በፈላ ውሃ ልትዘፈዝፈው ትችላለች። ሁኔታው ተነጥሎ ሊቀር የማይችል መረጃ ቦታው ረጅሙ መግለጫ ነው።

በሁሉም ቦታ አንድ አጻጻፍ ብቻ መያዝ

አንዱ «ጸጉር» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ፀጉር»፣ ሌላው «ጠጉር»። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለብዙ የመፈለጊያ ሳጥኖች ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። በአጭሩ መስመር ላይ አንዱን ብቻ እንያዝ፣ ሌሎቹ በረጅሙ መግለጫ ውስጥ በየአገባባቸው ይግቡ። «ሱፍ» የሚለውን ግን በመስመሯ ላይ አልመክርም፦ የቅባት እህሉም ሱፍ ነው፣ ሙሉ ልብሱም ሱፍ ነው፣ ባና ፈላጊውም ከኮት ጋር ተደባልቆ ያገኘዋል።

ፊደል ቆጥሮ ባይትን መርሳት

የመጨረሻዋ መስመር ከነክፍተቷ 40 ፊደል ናት። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ የትም ትገባለች ብለን ነበር። ነገር ግን አንዳንድ ሱቆች የሚቆጥሩት ፊደልን ሳይሆን ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠውን ባይት ነው፣ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አቀማመጥም አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። 32ቱ ፊደላትና ነጥቦች 96 ባይት፣ 8ቱ ክፍተቶች 8 ባይት፣ በድምሩ 104 ባይት ይሆናሉ። ወሰኑ 100 ባይት የሆነ ሱቅ «አልጋ» የሚለውን ቃል ከ«ል» መካከል ይሰነጥቀዋል፣ ገዢውም ከ«አ» በኋላ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ምስል ያያል። እንዲህ ያለ ምልክት በመስመር ጫፍ ላይ ካያችሁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። እንዲህ ሲያጋጥም «አልጋ» ከነክፍተቱ ይውጣ፣ 94 ባይት ይቀራል፤ ከባና ጋር «ለሜትር ከሃምሳ» ሲባል የማይገባው ሰው የለም።

መስመሯን ከለጠፍን በኋላ በትንሿ ስልኳ ከፈተችው። «ባና፦ የደሴን ብርድ የሚችል የበግ ጸጉር…» ይላል። የተቆረጠው የአልጋው ልክ ብቻ ነው፣ እርሱም ሲነካ ይታያል። በማግሥቱ ከኮምቦልቻ የመጣላት መልእክት «ለሜትር ከሰማንያ የሚሆንስ አላችሁ?» የሚል ነበር፤ ወዲያው ለአጎቷ ደወለች።