የፈተና መልስ እንደገና እንዲታይ ለመምህር ሲጻፍ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጅማ ውስጥ የኮምፒውተር ሳይንስ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች የግራፍ አልጎሪዝም ፈተና ውጤታቸውን ባዩ ሰሞን ለመምህር የሚጻፍ ደብዳቤ ይበዛል። ብዙዎቹ ከመሰጠታቸው በፊት እኔ ዘንድ ይመጡና አነባቸዋለሁ። የሚያሳዝነኝ፣ ጥያቄያቸው እውነተኛ የሆነው ተማሪዎች በአጻጻፋቸው ምክንያት ሳይሰሙ ሲቀሩ ማየት ነው። አንድ መልስ ይዤ፣ ደብዳቤው የት ላይ እንደሚሰናከል ላሳይ።

ጥያቄ 3 አምስት ኖዶች ያሉት ግራፍ ሰጥቶ፣ በክሩስካል አልጎሪዝም ሚኒመም ስፓኒንግ ትሪ እንዲወጣ ይጠይቃል እንበል፤ ማለትም ሁሉንም ኖዶች በትንሹ ጠቅላላ ክብደት የሚያገናኘውን ዛፍ። ኤጆቹ ከነክብደታቸው እነዚህ ናቸው፦

```
ሀ–ለ  2
ሐ–መ  3
ሀ–ሐ  4
ለ–ሐ  4
መ–ሠ  5
ለ–ሠ  7
```

የክሩስካል አካሄድ ቀላል ነው፤ ኤጆቹን ከቀላሉ ወደ ከባዱ ደርድሮ አንድ በአንድ ማንሣት፣ ዙር የሚፈጥረውን መተው። ሀ–ለ እና ሐ–መ ከተወሰዱ በኋላ ክብደታቸው 4 የሆነ ሁለት ኤጆች ይመጣሉ። የትኛውም ቢወሰድ ሁለቱን ቁርጥራጮች ያገናኛል፤ አንዱ ከተወሰደ ግን ሌላው ዙር ስለሚፈጥር ይጣላል። ቀጥሎ መ–ሠ ይገባል፣ ለ–ሠ ይቀራል። ድምሩ በሁለቱም መንገድ 2 + 3 + 4 + 5 = 14 ነው። የመምህሩ የመልስ ወረቀት ሀ–ሐን ይዟል፤ ተማሪዋ ለ–ሐን መረጠች፤ ከ10 ደግሞ 6 አገኘች።

ሳያረጋግጡ መጻፍ

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይህ ነው። ከመምህሩ ወረቀት የተለየ መልስ መስጠት ብቻውን አቤቱታ አያስጽፍም። መጀመሪያ መልሱ ራሱ ይፈተሽ፤ ለአምስት ኖዶች አራት ኤጆች መኖር አለባቸው፣ ከየትኛውም ኖድ ወደ የትኛውም መድረስ መቻል አለበት፣ ድምሩም 14 መሆን አለበት። አራት ኤጆች ኖረው ሁሉም ኖዶች ከተገናኙ ዙር ሊኖር አይችልም፤ ስለዚህ ማጣራቱ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚያ የጥያቄው ትእዛዝ ቃል በቃል ይነበብ። ተማሪዎች በጣም የሚዘነጉት ይህን ነው። «ክብደታቸው እኩል የሆኑትን በፊደል ቅደም ተከተል ውሰዱ» የሚል ሐረግ ካለ፣ ሀ–ሐ ከለ–ሐ ይቀድማልና የመምህሩ እርማት ልክ ነው። ይህ ሐረግ በወረቀቱ ላይ ሳይኖር በፈተናው አዳራሽ በቃል ተነግሮም ሊሆን ይችላል፤ አብረው የተፈተኑትን መጠየቅ ያስፈልጋል። ክሩስካል ራሱ ግን እኩል ክብደት ሲያጋጥም የትኛው ይቅደም የሚል ደንብ የለውም። ትእዛዝ ካልተሰጠ ሁለቱም ዛፎች ትክክል ናቸው።

በመጨረሻም ነጥቡ የተቀነሰበት ቦታ ይታይ። ጥያቄው «ደረጃዎቹን አሳዩ» ብሎ ተማሪዋ የተጣሉትን ኤጆች ካልጻፈች፣ ነጥቡ የሄደው በዚያ ምክንያት ሊሆን ይችላል። የቀይ ብዕሩ ምልክት ያለው ለ–ሐ ላይ ከሆነ ግን ጉዳዩ የያዝነው ነው።

ነጥብ መለመን

«እባክዎ ቢያንስ ሦስት ነጥብ ይጨምሩልኝ፣ ቤተሰቤ ችግር ላይ ነው፣ አማካይ ውጤቴ ዝቅ ይላል» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አንብቤአለሁ። ችግሩ እውነት ነው፤ ተማሪውን አውቀዋለሁ፣ አዝንለታለሁም። ነገር ግን መምህሩ በዚህ ምክንያት ነጥብ ቢጨምር ለሌላው ተማሪ የሚሰጠው መልስ አይኖረውም። እጁን ሊያንቀሳቅስ የሚችለው ወረቀቱ ላይ ያለው ነገር ነው። የሚጠየቀው መልሱ እንደገና እንዲታይ ነው፤ ስንት ነጥብ እንደሚገባው መወሰን የመምህሩ ፈንታ ነው።

ያልተጻፈውን ማስረዳት

«ማለት የፈለግሁት» ብሎ የሚጀምር ዐረፍተ ነገር ደብዳቤውን ያዳክመዋል። መምህሩ ያርመው ዘንድ የሚገባው በፈተናው ሰዓት የተጻፈውን ነው። ስለዚህ ገጹ፣ የጥያቄው ቁጥርና ደረጃው ይጠቆም፤ «ገጽ 4፣ ሦስተኛው ደረጃ» ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል።

የጓደኛን ወረቀት ማስረጃ ማድረግ

«እገሌ እንደኔ ጽፎ ሙሉ አገኘ» ማለት ጓደኛን ሳይጠየቅ ወደ ጉዳዩ ማስገባት ነው። መምህሩ የሁለቱንም ወረቀት ቢያይና የጓደኛው እርማት ስህተት ሆኖ ቢገኝ፣ የሚቀነሰው የእርሱ ነጥብ ነው። ደግሞም አያስፈልግም፤ 14 የሚለው ድምር ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው።

ደካማውን ጥያቄ ከጠንካራው ጋር ማሰር

ይህች ተማሪ በጥያቄ 5 ላይም ነጥብ አጥታለች። ጥያቄው ከሀ ወደ ለ ያለውን አጭር ርቀት ይላል፤ አቅጣጫ ያላቸው ኤጆቹ ሀ→ለ 2፣ ሀ→ሐ 3፣ ሐ→ለ −2 ናቸው። እርሷ በዳይክስትራ ሠርታ 2 ብላለች። ዳይክስትራ ለን በ2 ይዘጋዋል፤ በሐ በኩል ሲመጣ 3 − 2 = 1 እንደሚሆን የሚያየው ዘግይቶ ነው። ኔጌቲቭ ክብደት ሲኖር አልጎሪዝሙ ዋስትና የለውም፤ ቤልማን ፎርድ መጠቀም ነበረባት። «ደረጃዎቹን በትክክል ተከትያለሁ» ማለቷ እውነት ቢሆንም መልሷ ስህተት ነው። ይህን ከጥያቄ 3 ጋር አያይዛ ብትጽፍ፣ መምህሩ አምስተኛውን አይቶ ሦስተኛውንም በጥርጣሬ ያነበዋል። ስለዚህ አምስተኛው ይቅር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚቀረው ደብዳቤ አጭር ነው፦

> ቀን፦
> ለተከበሩ መምህር (ስም)
> ጉዳዩ፦ የጥያቄ 3 መልሴ እንደገና እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ
>
> እኔ (ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ ሴክሽን) የግራፍ አልጎሪዝም ፈተናዬን ወረቀት ተመልክቻለሁ። በገጽ 4፣ ጥያቄ 3፣ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ክብደታቸው 4 ከሆኑት ሀ–ሐ እና ለ–ሐ ውስጥ ለ–ሐን መርጫለሁ። ያወጣሁት ዛፍ አራት ኤጆች አሉት፣ ሁሉንም ኖዶች ያገናኛል፣ ጠቅላላ ክብደቱም እንደ መልስ ወረቀቱ 14 ነው። በጥያቄው ላይ እኩል ክብደት ሲያጋጥም የትኛው እንደሚቀድም የሚገልጽ ትእዛዝ አላገኘሁም። ያላስተዋልሁት ነገር ካለ እንዲጠቁሙኝ፣ ከሌለ ደግሞ መልሴን እንደገና እንዲያዩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> ከአክብሮት ጋር
> (ስምና ፊርማ)

«ተሳስተዋል» የሚል ቃል የለበትም፤ ሁለቱን ድምሮች ጎን ለጎን ያየ መምህር ራሱ ይደርስበታል። «ያላስተዋልሁት ነገር ካለ» የሚለው ሐረግ ለይምሰል የገባ አይደለም፤ በአዳራሹ የተነገረ ትእዛዝ ካለ በሩን ክፍት ያደርጋል።

ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ግልባጭ በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አይደረግ። መምህሩ ገና ሳያነበው ክስ ይመስለዋል። መልስ ካልመጣ ያኔ ይታሰብበታል። ጊዜውም አይለፍ፤ ውጤቱ ለሬጅስትራር ከገባ በኋላ ማስተካከል ለመምህሩም ተጨማሪ ወረቀትና ፊርማ ይጠይቃል፤ ወረቀቱ በታየ በነጋታው ደብዳቤው ቢሰጥ ይሻላል። ሲሰጥም የፈተናው ወረቀት የጥያቄ 3 ገጽ ፎቶ ኮፒ፣ ከተፈቀደ፣ ከኋላው ይያያዝ።