ሥራ ሲደራረብ ለደንበኛ ቀን ስትሰጡ የሚፈጠሩ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ እጁ የተመሰከረለት እንጨት ሠሪ ደንበኛ አያጣም። ጭንቁ ትእዛዝ ሲደራረብ ነው። እንበልና ምግብ ቤት ሊከፍቱ የተነሱ አንድ ሐጂ 60 የዋንዛ ወንበር በ3 ሳምንት ፈለጉ። እናንተ ጋ ያሉት አናጺዎች አራት ናቸው፤ አንዱ የተጀመረ አልጋ ይዟል።

አፍ እንዳመጣ ቀን መጥራት

ሦስቱ በቀን አንድ አንድ ወንበር ቢገጣጥሙ 60ው በ20 የሥራ ቀን ያልቃል። ብዙ ሰው ሒሳቡን እዚህ ላይ ያቆማል። ግን ወንበር ስለተገጣጠመ አላለቀም። ቨርኒሽ የሚቀባው አንድ ሰው ነው። ቦታው በአንዴ 8 ወንበር ይይዛል። ሦስት እጅ ተቀብቶ፣ በየመሀሉ ደርቆ እስኪታሽ 3 ቀን ይፈጃል። ስለዚህ 60 ወንበር ማለት 8 ዙር፣ 24 የሥራ ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ እስኪገጣጠሙ 3 ቀን፣ መብራት ለሚጠፋበትም 3 ቀን ጨምሩ። 30 የሥራ ቀን፣ ማለትም 5 ሳምንት ሆነ።

ሥራው የሚታነቀው ቨርኒሹ ላይ ስለሆነ ሌላ አናጺ ብትቀጥሩ ቀኑ እምብዛም አያጥርም። ማድረቂያውን ለመዝለል መሞከር ደግሞ የባሰ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጉት፤ ነጭ ዱቄት ከወጣው ደርቋል። ወረቀቱ ላይ ከተለጠፈ ግን አልደረቀም። በላዩ ሌላ እጅ ቢቀባበት የእንግዳው ልብስ ወንበሩ ላይ ይጣበቃል።

«ኢንሻአላህ፣ እንሞክራለን»

እናንተ በልባችሁ «አይመስለኝም» እያላችሁ ነው። ሐጂ ግን «እሺ» ብለው ሰምተው ሄደዋል። በዚያው ቀን ሰው ይጠራሉ፣ በግ ያስገዛሉ። ይሉኝታ ያዘኝ ማለት እዚህ ጋ ሰበብ አይሆንም። ካልቻላችሁ «አልችልም» የሚለው ቃል ራሱ ከአፋችሁ መውጣት አለበት።

ቀኑ ለምን እንደተፈለገ አለመጠየቅ

ለእኔ ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ሰው ቀን ሲጠራ ከጀርባው ጉዳይ አለው፤ ጉዳዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከትእዛዙ ያንሳል።

«ሐጂ፣ ለመክፈቻው ስንት ሰው ነው የጠሩት?»

«ኧረ ሠላሳ ቢሞላ ነው።»

«እንግዲያው 32ቱን ከመክፈቻው በፊት አስረክብዎታለሁ። የቀሩትን 28 ደግሞ ከዚያ በኋላ በ2 ሳምንት ውስጥ። 60ውን ባንዴ በ3 ሳምንት ግን አልችልም፤ አልዋሽዎትም።»

ልብ በሉ፤ በ3 ሳምንት ውስጥ 5 ዙር፣ ማለትም 40 ወንበር ሊደርስ ይችላል። ቃል የተገባው ግን 4 ዙር ብቻ ነው። አንዱ ዙር ለመጠባበቂያ ይቀመጣል። 40 ከደረሰላችሁ ሐጂ ይመርቋችኋል፤ 40 ብላችሁ 32 ብታመጡ ግን ይቀየሟችኋል።

«ሁሉም ባንዴ ካልሆነ አልፈልግም» ካሉ እዚያው እምቢ በሉ፤ እጃችሁ መቼ እንደሚለቀቅም ንገሯቸው።

በዋጋ ማባረር

እምቢ ማለት ሲከብድ የማይቀመስ ዋጋ መጥራት የተለመደ ዘዴ ነው። ሁለት ጣጣ አለው። ሐጂ ቡና ላይ «እነሱ ጋማ እሳት ነው» ብለው ለከተማው ያወሩታል። ወይም ደግሞ «ይሁን» ብለው ይስማማሉ፤ ያኔ በውድ ዋጋ የማትደርሱበትን ሥራ ታቀፋችሁ ማለት ነው።

ቀን ሳይቆረጥ ቀብድ መቀበል

ብሩ ኪስ ከገባ ድርድሩ አበቃ። ሕጉም ቀላል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 እንደሚለው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። 20,000 ብር ተቀብላችሁ ብትተዉት 40,000 ትከፍላላችሁ ማለት ነው። መጀመሪያ የርክክቡን ቀንና ብዛት በወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ብሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

በጓሮ በኩል ለሌላ ማሠራት

የጎረቤቱ ወርክሾፕ ቨርኒሽ ከእናንተው ጋር አንድ ዓይነት መልክ አይኖረውም። 30ው ደማቅ፣ 30ው ፈዛዛ ወንበር ባንድ አዳራሽ ሲደረደር ሐጂ ማንንም ሳይጠይቁ ያውቁታል። የምታምኑት ሰው ካለ መጀመሪያ ደውሉለትና እጁ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ለሐጂ «ይህን ሥራ እገሌ ያድርስልዎ፣ ዋጋውን ከእሱ ጋር ይነጋገሩ» በሏቸው። ከዚያ ሥራ ኮሚሽን የምታገኙ ከሆነም እዚያው ንገሯቸው፤ ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተደብቆ አይከርምም።