ትርፉ የት ገባ?

ቡሬ ላይ ትንሽ ሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ነሐሴ የ200,000 ብር ዕቃ ሸጥኩ። የተሸጠው ዕቃ መግዣው 170,000፣ ኪራይና የረዳቴ ደመወዝ 12,000 ነው። 18,000 አትርፌያለሁ ማለት ነው። አከፋፋዩ ሒሳቡን ሲጠይቀኝ ግን መሳቢያዬ ባዶ። መጀመሪያ ረዳቴን ጠረጠርኩት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ማታ ደብተሩን ዘርግቼ በእጄ የገባውን ብር ብቻ ለየሁ። ከሽያጩ 60,000ው ዱቤ ነው፤ ከአሮጌ ዱቤ የተመለሰልኝ 25,000 ብቻ። ክረምት ነው፣ ገበሬው ጤፉን ሳይወቃ ከየት ያምጣ? በዚያ ላይ «ሳሙና ሊወደድ ነው» ሲሉኝ፣ የሸጥኩትን ከመተካት አልፌ የ20,000 ብር ካርቶን ደርድሬያለሁ። የገባው 165,000፣ መክፈል ያለብኝ 202,000። 18,000 ትርፌም የጎደለኝ 37,000ም ዱቤና ሳሙና ሆነው ተቀምጠዋል።

አከፋፋዩን «ጋሼ፣ በሁለት ወር ከፋፍዬ ልክፈል» ብዬ ለመንኩ፤ እሺ አሉ። ሳሙናው እስኪያልቅ አዲስ አልገዛሁም። ዘይት የሳምንቱን ብቻ አመጣለሁ። ደመወዝተኛ ዱቤውን በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ለገበሬው እስከ 1,500 ብር ብቻ፤ ከጥር በፊት ከዚያ በላይ አልሰጥም። ዕዳዬን ጥቅምት መጨረሻ ላይ ዘጋሁ። ሁለት ደንበኞች ግን አኩርፈው ቀሩ።