ቡገንቪላው ጫካ ሆኗል፤ ከፎቶው ምኑን እንቁረጥ?

ፎቶው በኅዳር ከአዳማ የተላከልኝ ነው። አጥር ላይ የተንሰራፋ ቡገንቪላ፣ ላዩ በቅጠል የተሸፈነ፣ ታቹ ራቁቱን የቀረ፣ መሀሉ እርስ በርሱ የተጠላለፈ። ባለቤቷ "ከሥሩ ልቁረጠው?" ትላለች። አይሆንም፤ በአንድ ጊዜ ከሲሶው በላይ አይነካም።

ቅጠል የሌላቸው ግራጫ ቅርንጫፎች

ምክንያቱ ሁለት ሊሆን ይችላል። ላይኛው ቅጠል ብርሃን ከልክሏቸው ሞተዋል፣ ወይም ውሃ ጠምቷቸው ቅጠላቸውን አራግፈዋል። ቡገንቪላ በደረቅ ወቅት ቅጠሉን ይጥላል፣ ግን አልሞተም። እዚህ ፎቶ ላይ ዙሪያው ለምልሞ እነሱ ብቻ ስለተራቆቱ፣ መሞታቸው ያመዝናል። ሙሉው ተክል ቢራቆት ኖሮ መጀመሪያ ውሃ አጠጪው እል ነበር።

ፎቶ ግን አይፈርድም። ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጉት። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ይኖራል፣ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ ፋቁ፣ አረንጓዴው እስኪመጣ። እዚያ ከቡቃያ ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ቁረጡ። እስከ መነሻው ድረስ ከሞተ ግን ከመጋጠሚያው ላይ ይወገድ፣ ጉቶ አትተዉ፤ ጉቶ ይበሰብሳል። ጓንት አትርሱ፣ እሾሁ ክፉ ነው።

የተሻገሩ ቅርንጫፎች

ፎቶ ሁሉን ነገር አንድ ላይ ስለሚያጣብቀው፣ ከፊት ያለውና ክንድ ያህል ከኋላ ያለው የተነካኩ ይመስላሉ። ስለዚህ ከጎን ሌላ ፎቶ እንድትልክ ጠየቅኳት። ከአራቱ "የተሻገሩ" መስለው ከታዩን ጥንዶች ሁለቱ ጭራሽ አይገናኙም ነበር። የተቀሩት ሁለት ጥንዶች ነፋስ በመጣ ቁጥር እየተፋተጉ ቅርፊታቸው ተልጧል፣ ቁስሉም ለበሽታ በር ይከፍታል።

ማንን ማስቀረት? ወደ ውጭ የሚያድገውንና ቁስሉ የቀለለውን። ወፍራሙ ሁልጊዜ አያሸንፍም፤ ወደ መሀል የሚገባ ከሆነ እሱ ይሂድ፣ ቀጭኑ ቦታውን ይሞላል።

"በየዓመቱ እከረክመዋለሁ፣ አያብብም"

ይሄ ብዙ ጊዜ የሰዓት ችግር ነው። አበባው የሚወጣው በአዲሱ ቀንበጥ ላይ ነው። በአዳማ በክረምቱ ዝናብ የተመዘዘው ቀንበጥ ዝናቡ ሲያባራ ማበብ ይጀምራል። በጥቅምትና በኅዳር "ላስተካክለው" ብላችሁ ጫፍ ጫፉን ስትመቱ፣ የምትጥሉት ገና የሚያብበውን ነው። ከባዱን ግረዛ አበባው ከረገፈ በኋላ፣ ግንቦት አካባቢ፣ ዋናው ክረምት ሳይገባ አድርጉት፤ ዝናቡ አዲስ ቀንበጥ ያወጣለታል። የሞተውን ማውጣት ግን ወር አይጠብቅም።

የእሷ ፎቶ ላይ ጫፎቹ ቀለም መያዝ ጀምረው ነበር። ስለዚህ የነገርኳት ይሄን ነው፦ አሁን የሞቱትን ብቻ አውጪ፤ ከሚፋተጉት ጥንዶች ከአንደኛው ቀለም ያልያዘውን ቅርንጫፍ ቁረጪ፤ ሁለተኛው ጥንድ ስላበበ ግንቦትን ይጠብቅ።