«ይቺን ተርጉምልኝ» ብለን ስንልክ የሚጎድለው ምንድን ነው? ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የትርጉም ሥራ በቴሌግራም የሚቀበል ሰው እንዲህ ያለ መልእክት ብዙ ጊዜ ይደርሰዋል።

«ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? ይቺን የፍቺ ውሳኔ ወደ እንግሊዝኛ ተርጉምልኝ። እስከ ሐሙስ 3 ሰዓት ትድረስልኝ። አደራ፣ በጥራት ይሁን።»

ከሥሩ ሦስት ፎቶ አለ። ላኪዋ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው፤ ተርጓሚው አዲስ አበባ ነው። መልእክቱ ጨዋ ነው፤ ግልጽም ይመስላል። ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮች ጎድለውታል። አንደኛው ይዘት ነው፤ ማለትም የሚሠራበት ሰነድ ራሱ። ሁለተኛው ዐውድ ነው፤ ሥራው ለማን እንደሚቀርብና ለምን እንደተፈለገ። ሦስተኛው መመሪያ ነው፤ ምን ይደረግ፣ በምን መልክ፣ እስከ መቼ። ሦስቱ ሲቀላቀሉ ሥራው ይበላሻል፤ ምክንያቱም መፍትሔያቸው አንድ አይደለም።

ሦስት ፎቶ ስለደረሰ ሰነዱ ደርሷል ብሎ ማሰብ

ፋይሉ ጨርሶ ካልተያያዘ ችግሩ ቀላል ነው። ተቀባዩ ወዲያው ያየዋል፣ ይጠይቃል፣ ያልቃል። የሚያስቸግረው በከፊል ሲጎድል ነው። የሦስተኛውን ፎቶ የመጨረሻ መስመር እዩት። «ስለዚህም በተጋቢዎቹ መካከል የነበረው ጋብቻ» ይልና ያበቃል። አራት ነጥብ የለም። «ትዕዛዝ» የሚለው ክፍል የለም። በግልባጭ ላይ የተለመደው «የማይነበብ የዳኞች ፊርማ አለበት» የሚለው መስመርና የፍርድ ቤቱ ማኅተምም የሉም። አራተኛ ገጽ አለ ማለት ነው፤ አልተላከም።

እዚህ ላይ ልምድ ያለው ተርጓሚ ይፈተናል። እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች እንዴት እንደሚያልቁ ያውቃል፤ ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ሊጨርሰው ይችላል። ፈጽሞ ማድረግ የለበትም። የጎደለ ይዘት በግምት አይሞላም። ትንሽ ቢሆንም፣ ግልጽ ቢመስልም አይሞላም። ሊሞላው የሚችለው ሰነዱ እጁ ላይ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ለላኪዎች አንድ ነገር ልጨምር። ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል፤ የማኅተሙ ጽሑፍና የመዝገብ ቁጥሩ ሊደበዝዙ ይችላሉ። እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። ጠርዙ ተቆርጦ እንዳይቀርም ወረቀቱ አራቱም ማዕዘን እስኪታይ ይነሳ።

የዐውድን ጉድለት በአደራ ለመሙላት መሞከር

ከሦስቱ በጣም የምፈራው ይሄንን ነው። ይዘት ሲጎድል ሥራው ይቆማል። ዐውድ ሲጎድል ግን ሥራው አይቆምም። ያለ ምንም እንከን ይሄድና ተሳስቶ ያልቃል፤ ስህተቱ የሚታወቀው ወረቀቱ የሚመለከተው ሰው ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ነው።

ላኪዋ ውሳኔውን የፈለገችው አዲሱን ባለቤቷን ወደ አሜሪካ ለማምጣት ነው እንበል። ለዚህ ማመልከቻ ቀደም ያለው ጋብቻ መፍረሱ በማስረጃ መረጋገጥ አለበት። የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደግሞ በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሲቀርብለት ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይጠይቃል። ተርጓሚውም ትርጉሙ ሙሉና ትክክለኛ መሆኑን፣ ራሱም ለመተርጎም ብቁ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት። ስለዚህ ጭብጡን ብቻ አሳጥሮ መተርጎም አይሆንም። ማኅተሙም፣ በጎን የተጻፈው ቁጥርም ይተረጎማል። ይሄ ሁሉ የሚመጣው ላኪዋ ካልጻፈችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ስሟ ደግሞ ፀሐይ ነው እንበል። በእንግሊዝኛ መጨረሻው ዋይ ነው ወይስ አይ? በቋንቋ ደረጃ ሁለቱም ያስኬዳል። ትክክሉ ፓስፖርቷ ላይ ያለው ነው፤ ውሳኔው ውስጥ የለም። ተርጓሚው ራሱ ከመረጠ ሁለት ሰነድ ላይ ሁለት ሰው ልትመስል ትችላለች። ቀኑም እንደዚሁ ነው። ውሳኔው የተሰጠው ሐምሌ 12 ቀን 2009 ከሆነ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 19 ቀን 2017 ነው። እሷ ቅጹ ላይ 2017 ብላ ሞልታ ትርጉሙ ያለ ማብራሪያ 2009 ካለ፣ መርማሪው የስምንት ዓመት ልዩነት ያያል።

«አደራ፣ በጥራት ይሁን» የሚለው ቃል ከእነዚህ አንዱንም አይፈታም። አደራው ከልብ ነው፤ ተርጓሚውም ከልቡ ይጠነቀቃል። ግን ጥንቃቄ ፓስፖርት አያሳይም። የፓስፖርቱን የመጀመሪያ ገጽ ፎቶ መላክና «ለኢሚግሬሽን ነው የሚገባው» ማለት ይበልጣል።

መመሪያውን ሰጥቻለሁ ብሎ ማረፍ

«እስከ ሐሙስ 3 ሰዓት» መመሪያ ነው። ቀን አለው፣ ሰዓት አለው። ግን የማን 3 ሰዓት? አዲስ አበባ ላለ ሰው ጠዋት ነው። ሜሪላንድ ላለች ሰው ከሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ደግሞ እንደ ወቅቱ 7 ወይም 8 ሰዓት ልዩነት አለ። በዚህች አንዲት መስመር ሙሉ የሥራ ቀን ሊጠፋ ይችላል። «ሐሙስ በእናንተ ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ብትል ኖሮ አንድም ጥያቄ አይነሳም ነበር።

ከዚህ ውጪ ያለው የመመሪያ ጉድለት ብዙ አያስጨንቀኝም። በፒዲኤፍ ይላክ ወይስ በዎርድ? የተርጓሚው ማረጋገጫ ለብቻው ገጽ ይሁን? እንዲህ ያለውን ተቀባዩ የተለመደውን ወስዶ «ካላልሽኝ በፒዲኤፍ እልካለሁ» ብሎ መቀጠል ይችላል። ቢሳሳት በደቂቃ ይስተካከላል።

«አልገባኝም፣ አብራሪልኝ» ብሎ መመለስ

ይሄ የተቀባዩ ስህተት ነው። ምን እንደጎደለ ሳይለይ ሲጠይቅ፣ ላኪዋም ምን እንደምትመልስ አታውቅም። ብዙ ጊዜ ረጅም የድምፅ መልእክት ይመጣል። ፍቺው እንዴት እንደሆነ፣ ጠበቃው ምን እንዳለ፣ ቀጠሮው ለምን እንደዘገየ ትነግረዋለች። አራተኛው ገጽ ግን አሁንም የለም።

እያንዳንዱ ጉድለት የራሱ ጥያቄ አለው። መልሱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

«እህቴ፣ ደርሶኛል። ሦስት ነገር ብቻ። ውሳኔው ሦስተኛው ገጽ ላይ ተቋርጧል፤ ማኅተም ያለበትን የመጨረሻውን ገጽ በፋይል ላኪልኝ። ለየትኛው ቢሮ ነው የሚገባው? ስምሽን በፓስፖርትሽ እንዳለው እንድጽፍ ፎቶውን ላኪልኝ። ሐሙስ 3 ሰዓት ያልሽው በኛ ጠዋት ነው ብዬ ይዣለሁ፤ ካልሆነ ንገሪኝ።»

ይዘቱን ይጠይቃል፤ ሳያገኝ አይቀጥልም። ዐውዱንም ይጠይቃል። ሰዓቱን ግን ጠዋቱን ይዞ ግምቱን አሳውቋታል። ጠዋቱ ቀድሞ የሚመጣው ስለሆነ፣ ቢሳሳት እንኳ ሥራው ቀድሞ ይደርሳል እንጂ አይዘገይም።

ሰነዱ ላይ ራሱ የሌለውን ከላኪው መጠበቅ

አራተኛው ገጽ መጣ እንበል። ማኅተሙ ግን ዋናው ወረቀት ላይም ግማሹ አልታተመም። አሁን ላኪዋን ደጋግሞ «ጥራት ያለው ፎቶ ላኪ» ማለት እሷን ማድከም ነው። ይሄ የመልእክቱ ጉድለት አይደለም፤ ሰነዱ እንደዚያ ነው። ተርጓሚው በቅንፍ ውስጥ «ክብ ማኅተም፣ በከፊል የማይነበብ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይጽፋል። የሚነበበውን ይተረጉማል፤ የማይነበበውን አይገምትም። ቢሮው በዚህ ካልተስማማ፣ ላኪዋ ከፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አዲስ ግልባጭ ማስወጣት ይኖርባታል። ያንን ደግሞ ከሐሙስ በፊት ብትሰማው ይሻላታል።