ግራፉ አልገጥም ሲል፦ የ y = a/(x − h) + k ችግርና መፍትሄ

አንድ ፋንክሽን ይዘን እንሂድ፦ y = −4/(x + 1) + 2። እዚህ a = −4፣ h = −1፣ k = 2 ነው። መነሻው የምናውቀው y = 1/x ነው። እሱ በ −4 ይባዛል፣ ወደ ግራ 1 ይሄዳል፣ ከዚያ ወደ ላይ 2 ይወጣል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ግን እነዚህ ሦስት እርምጃዎች ውስጥ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ደግነቱ፣ የተበላሸው ግራፍ ራሱ ስህተቱ የት እንደሆነ ይናገራል።

በመጀመሪያ ትክክለኛው ምን እንደሚመስል እንይ። x = −1 ላይ የቆመ፣ y = 2 ላይ የተጋደመ፣ ሁለት የተቆራረጠ መስመር አስምሩ። አሲምፕቶቶቹ፣ ማለትም ግራፉ እየተጠጋቸው የሚሄድ ግን የማይነካቸው መስመሮች፣ እነሱ ናቸው። የሚገናኙበትን (−1, 2)ን "መሃል" እንበለው። ከአሁን በኋላ የምንቆጥረው ከዚህ መሃል እንጂ ከ (0, 0) አይደለም። ከመሃሉ 1 ወደ ቀኝ፣ 4 ወደ ታች ስንሄድ (0, −2) ላይ እናርፋለን። 2 ወደ ቀኝ፣ 2 ወደ ታች (1, 0)ን ይሰጣል። 4 ወደ ቀኝ፣ 1 ወደ ታች ደግሞ (3, 1)ን። በግራ በኩል አቅጣጫውን መገልበጥ ነው፦ (−2, 6)፣ (−3, 4)፣ (−5, 3)።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጎን እርምጃውና የከፍታ እርምጃው ሲባዙ ሁልጊዜ −4 ይሆናሉ። 1 በ −4፣ 2 በ −2፣ 4 በ −1። በቀመር ሲጻፍ (x + 1)(y − 2) = −4 ማለት ነው። እኔ የምጠራጠረውን ነጥብ ሁሉ የምፈትነው በዚህ ነው።

ምልክት፦ ግራፉ በሙሉ ወደ ቀኝ ሄዷል

የቆመው አሲምፕቶት x = 1 ላይ ነው፣ ቅርጹ ግን ደህና ነው። መንስኤው የመደመር ምልክቱ ነው። +1 ሲያዩ እጅ ወደ ቀኝ ይሄዳል። መፍትሄው ደንብ መሸምደድ አይደለም። ታህቱ ዜሮ የሚሆነው መቼ ነው ብላችሁ ጠይቁ። x + 1 = 0 የሚሆነው x = −1 ሲሆን ነው። 1/x ዜሮ ላይ ያጋጠመው ችግር አሁን −1 ላይ ያጋጥመዋል፣ ስለዚህ ግራፉም ወደዚያ ይሄዳል።

ምልክት፦ የተጋደመው አሲምፕቶት y = −2 ወይም y = −8 ላይ ወጥቷል

ይህ የቅደም ተከተል ስህተት ነው፣ በደንብ እንየው። ሰውየው መጀመሪያ ግራፉን በ 2 ከፍ አደረገ። ከዚያ "ኔጋቲቭ አለ" ብሎ ሙሉውን ገለበጠው። ያኔ 2ም አብሮ ተገልብጦ −2 ሆነ። በ −4 ሙሉውን ያባዛ ደግሞ −8 ላይ ያገኘዋል። ግን −4 የሚነካው ክፍልፋዩን ብቻ ነው። 2 ከክፍልፋዩ ውጭ ነው ያለው።

ስለዚህ መጀመሪያ ማባዛትና መገልበጥ፣ ቀጥሎ ከፍ ማድረግ። በአንድ ነጥብ እንከተለው። 1/x ላይ (1, 1) አለ። በ −4 ሲባዛ (1, −4) ይሆናል። ወደ ግራ 1 ሲሄድ (0, −4)፣ ወደ ላይ 2 ሲወጣ (0, −2)። ቅድም ያገኘነው ነጥብ ነው። ወደ ግራ የመሄዱ ነገር ግን ከማባዛቱ በፊትም ይሁን በኋላ ለውጥ የለውም፣ አንዱ x ን ሌላው y ን ነው የሚነካው።

ምልክት፦ አሲምፕቶቶቹ ልክ ናቸው፣ የግራፉ ሁለት ክንፎች ግን የተሳሳተ ቦታ ላይ ናቸው

a ፖዘቲቭ ከሆነ ክንፎቹ ከመሃሉ በላይ በቀኝና ከመሃሉ በታች በግራ ይቀመጣሉ። ኔጋቲቭ ከሆነ በላይ በግራ፣ በታች በቀኝ። የእኛው −4 ስለሆነ ሁለተኛው ነው። ሰው የሚሳሳተው "በላይ" እና "በታች" የሚለውን ከ x አክሲስ አንጻር ሲያይ ነው። (3, 1) ከ x አክሲስ በላይ ነው፣ ከ y = 2 ግን በታች ነው። ልክ ቦታው ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ ሌላ ግራ መጋባት አለ። ግራፉ የ x አክሲስን (1, 0) ላይ ሲቆርጥ "ይህማ አይቻልም" ብለው የሚያጠፉት አሉ። 1/x የ x አክሲስን የማይነካው አክሲሱ አሲምፕቶቱ ስለሆነ ነበር። አሁን አሲምፕቶቱ y = 2 ሆኗል። −4/(x + 1) መቼም ዜሮ ስለማይሆን ግራፉ የማይነካው 2ን ነው። የ x አክሲስ እንደማንኛውም መስመር ይቆረጣል።

ምልክት፦ ስክሪኑ ላይ አሲምፕቶቶቹ x = 0 እና y = 3 ሆነዋል

ቅንፍ ተረስቷል። መጀመሪያ የተጻፈው የላይኛው ነው፣ መጻፍ የነበረበት የታችኛው፦

```
y = -4/x+1+2
y = -4/(x+1)+2
```

በላይኛው −4 የሚካፈለው ለ x ብቻ ነው። 1 እና 2 ተደምረው 3 ይሆናሉ። አንዳንድ ካልኩሌተር ደግሞ ሁለቱን ክንፎች በቀጥተኛ መስመር ያገናኛቸዋል። ነጥቦችን በተራ ስለሚያያይዝ ነው እንጂ መስመሩ የግራፉ አካል አይደለም። እጃችን በእርሳስ (−2, 6)ን ከ (0, −2) ጋር ሲያገናኝም ያው ስህተት ነው።

ምልክት፦ ታህቱ ውስጥ x ብቻውን አይደለም፣ ሁሉም ነገር ይዛባል

y = 6/(2x − 4) + 1 ሲሰጥ "ወደ ቀኝ 4" ብሎ መሄድ ይቀናል። ታህቱ ዜሮ የሚሆነው ግን x = 2 ላይ ነው። ከመሳል በፊት 2ን አውጡት፦ 6/(2(x − 2))፣ ማለትም 3/(x − 2)። ስለዚህ a 6 ሳይሆን 3 ነው። 3/(2 − x) ሲመጣም እንዲሁ ነው፦ ምልክቱን ስናወጣው −3/(x − 2) ይሆናል። ይህን የዘለለ ሰው መሃሉን ልክ አግኝቶ ክንፎቹን ይገለብጣል።

አንዳንዴ ደግሞ k ጭራሽ አይታይም። (2x − 2)/(x + 1) ብለው ያመጡታል። ላዕሉን በታህቱ ቋንቋ ጻፉት፦ 2x − 2 ማለት 2(x + 1) − 4 ነው። ሁለቱን ለ x + 1 ስናካፍል 2 − 4/(x + 1) ይቀራል። ያው ስንስለው የቆየነው ፋንክሽን ነው።